ለ267 ምን ይመለሳል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ስልኬ አያርፍም። አሁን የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። ከዚያ በፊት ግን መንዝ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬም ውጤታቸውን ይነግሩኛል። ከ300 በላይ ያመጡት ይደውላሉ። ያላመጡት ይጽፋሉ።

ባለፈው መስከረም አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ እንደምን ከረሙ? ውጤት መጣ። 267 ነው። አፍሬ እስካሁን ሳልነግርዎት ቀረሁ።» 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከፊት ወንበር የማትጠፋ፣ ሳይገባት «ገባኝ» የማትል ልጅ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሷ የመለስኩላትን ሌሎች መምህራንም እንዲያዩት ስለምፈልግ ነው። ታላቅ እህትና ወንድም፣ አጎትና አክስትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሁላችንም ለእንዲህ ያለ ልጅ «አይዞሽ» ማለት እናውቃለን። እኔም መጀመሪያ ያልኳት እሱኑ ነው። «አይዞሽ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ዛሬ እረፊ። ነገ የስድስቱንም ትምህርት ውጤት ለየብቻ ላኪልኝ» አልኳት። ድምሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። 267 ያመጡ ሁለት ልጆች ፈጽሞ የተለያየ ምክር ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

በማግስቱ ላከችልኝ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። እንግሊዝኛ 41፣ ሒሳብ 33፣ አፕቲቲዩድ 52፣ ፊዚክስ 36፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 58። እያንዳንዱ ከ100 ነው፣ ድምሩ ከ600። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ግማሹ፣ ማለትም 300 ያስፈልጋል። 33 ነጥብ ጎድሏታል።

እንዲህ ዓይነት ውጤት ሲደርሰኝ በቅድሚያ የማየው ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ የማይሄድ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ነው። አራቱ ትምህርት ከ50 በላይ ሆኖ አንዱ 8 ቢሆን፣ ወይም የተፈተነችው ትምህርት ባዶ ሆኖ ቢመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቅሬታ ማስገባት ነው። የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን አጭር ነው፣ ካለፈ አለፈ። የእሷ ግን እርስ በርሱ የሚስማማ ውጤት ነው። ባዮሎጂ ይቀናታል፣ ሒሳብና ፊዚክስ ይከብዷታል። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነበረች።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ሄድኩ። ፈተናው አራት ምርጫ ያለው ነው። ተማሪው ጥያቄውን ባያነበውም ከአራቱ አንዱን ማጥቆር ይችላል፣ ለተሳሳተ መልስ ደግሞ ነጥብ አይቀነስበትም። ስለዚህ ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር በአማካይ ከ100 ወደ 25 ያገኛል። ማንበብ የምንጀምረው ከዚህ ነው። ከ0 ተነስተን ከቆጠርን ውጤቱን በትክክል አናነበውም።

ለስሌቱ እንዲመቸን ሒሳቡ 60 ጥያቄ ነበረው እንበል። 33 ነጥብ ማለት 20 ጥያቄ ማግኘት ነው። ከ20ው ስንቱን አውቃ ነው የመለሰችው? በእርግጥ የምታውቀው 7 ጥያቄ ብቻ ነበር ብለን እናስብ። የቀሩት 53ቱን በግምት ብታጠቁር ከአራት አንዱ ይሳካላታል፣ ወደ 13 ይሆናል። 7 እና 13፣ 20። በቃ፣ 33 ነጥብ ተገኘ። ሒሳብ ላይ ከ60ው ጥያቄ በእውቀት የያዘችው ወደ 7 የሚሆነውን ነው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ልጅቷም ደንግጣ ነበር፣ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ታዲያ ስሌቱን እዚያው ላይ ማቆም ተገቢ አይደለም። ያው ስሌት ሌላም ነገር ይናገራላ። 50 ነጥብ ለማምጣት 30 ጥያቄ ያስፈልጋል። ልጅቷ 20 ጥያቄ በእርግጥ ብታውቅና 40ውን ብትገምት፣ ከግምቱ 10 ይመጣላታል። 20 እና 10፣ 30። ተማሪው ሁሉ እንደ ተራራ የሚፈራው 50 በመቶ ማለት እንግዲህ ከሦስት ጥያቄ አንዱን በእርግጥ ማወቅ ነው። ሦስቱን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅባትም። ሁለቱንም አይጠበቅባትም።

የጎደላትን 33 ነጥብ ደግሞ በዚሁ መንገድ አሰላነው። አንድ ጥያቄ ከግምት ወደ እውቀት ስታመጪ የምታተርፊው ሙሉ አንድ ጥያቄ አይደለም፣ ሩቡን በግምትም ታገኚው ነበርና። ትርፉ ሦስት አራተኛ ነው። በየትምህርቱ 5 ጥያቄ ብትጨምር ወደ 4 የሚጠጋ ትክክለኛ መልስ ይሆናል፣ ይህም በየትምህርቱ 6 ነጥብ ገደማ ነው። ስድስት ትምህርት ስድስት ስድስት ነጥብ ቢጨምር 36 ይሆናል። ስለዚህ በእሷና በ300 መካከል የነበረው ርቀት በየትምህርቱ 5 ጥያቄ ነው። የየትምህርቱ ጥያቄ ብዛት እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። መልኩ ግን ያው ነው።

ይህን ስነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «5 ብቻ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «5 በእርግጥ የምታውቂያቸው» አልኳት።

ዕድልም አለ። 60 ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በግምት የሠራ ሰው ሁልጊዜ 15 አያገኝም። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ከ12 እስከ 18 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወደ ነጥብ ሲቀየር ከ20 እስከ 30 ነው። አልፎ አልፎ 33ም ይመጣል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ላይ 33 ያመጣ ልጅ ትንሽ ያውቃል ወይስ ቀንቶት ነው የሚለውን ከውጤቱ ብቻ ለይቶ መናገር አይቻልም። ስድስቱ ሲደመሩ ግን አንዱ ላይ የቀናው ሌላው ላይ ይከዳዋል፣ ዕድሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለዚህ ነው «ዘንድሮ ዕድሌ ጠምሞ ነው፣ ዳግመኛ ብፈተን ይቀናኛል» ብሎ 33 ነጥብ መጠበቅ የማያዋጣው። 5 ወይም 6 ነጥብ የጎደለው ልጅ እንዲህ ቢል አልከራከረውም። 33 የጎደለው ግን አዲስ ነገር ማወቅ አለበት።

የትኛውን አዲስ ነገር? እሱን ለማወቅ ፈተና ላይ ማየት ያስፈልጋል። ያለፈ ዓመት የሒሳብ ፈተና ሰጠኋትና ቤቷ ሰዓት ይዛ እንድትሠራው ነገርኳት። መልሱን ብቻ እንዳትጽፍ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ምልክት እንድታደርግ ለመንኳት። እርግጠኛ የሆነችበት ላይ «እ»። ሁለቱን ምርጫ ጥላ በቀሩት ሁለቱ መካከል የተወዛገበችበት ላይ «ሁ»። ምንም ሳታውቅ ያጠቆረችው ላይ «ግ»። ዘዴው ይሄው ነው፣ ሌላ ወጪም ሆነ መጽሐፍ አይጠይቅም።

ወረቀቱን በፎቶ ላከችልኝና አብረን አረምነው። «እ» ያለችው 9 ነበር፣ 8ቱ ትክክል። «ሁ» ያለችው 12፣ 6ቱ ትክክል። «ግ» ያለችው 39፣ 10 ትክክል። ድምሩ 24፣ ማለትም 40 ነጥብ። ከቁጥሩ በላይ ደስ ያለኝ ግን የ«እ»ው መስመር ነው። «አውቃለሁ» ካለችው አንዱን ብቻ ነው የሳተችው። ሌሎች ልጆች ላይ ይህ ቦታ ይበላሻል። 20 ጥያቄ «እ» ብለው 9 ያገኛሉ። እንዲህ ያለው ልጅ የተሳሳተ ነገር ሸምድዷል፣ እሱን ማስረሳት አዲስ ከማስተማር ይብሳል። የእሷ እውቀት ትንሽ ነው እንጂ ንጹሕ ነው። ይህንኑ በዚሁ ቃል ነገርኳት። ከልቤ ያመሰገንኳት በዚህ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ስላየሁት።

ቀጥለን 12ቱን «ሁ» ተመለከትን። ልጆች ሲያጠኑ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ «ግ» ነው፣ ባዶ የሆነው እሱ ስለሆነ። እኔ የማስጀምራቸው ከ«ሁ» ነው። እዚያ ላይ ግማሽ መንገድ ሄደዋል፣ የቀረው አንድ እርምጃ ነው። 12ቱን ስንመረምር አምስቱ ከአንድ ቦታ መጡ። ስለ ፋንክሽን ነበሩ። አንዱ ዶሜይን ፈልጊ ይላል፣ አንዱ ግራፍ አሳይቶ ቀመሩን ይጠይቃል፣ አንዱ ሎጋሪዝም ነው። ሁሉም ላይ መጀመሪያውን በትክክል ትጀምርና መሀል ላይ ትጥለዋለች። የሎጋሪዝሙን ጥያቄ ስትሠራ በሁለቱ ሎጋሪዝሞች መካከል ያለውን መደመር ወደ ውስጥ ስታስገባ ቁጥሮቹን ማባዛት ሲገባት ደመረቻቸው።

ይህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። 9ኛ ክፍል የነበረችው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ደብረ ሲናንም ሸዋ ሮቢትንም መንዝንም ያዳረሰ ጊዜ ነው። ትምህርት ተቋረጠ፣ ሲከፈትም የቀረውን ምዕራፍ እየዘለልን ነበር ያለፍነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታትም ረጋ ያሉ አልነበሩም። ፈተናው ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ይጠይቃል። ሪሌሽንና ፋንክሽን 9ኛ ክፍል ላይ ካልረጋ፣ 10ኛ ክፍል ላይ የሚመጣው ሎጋሪዝም የሚቆምበት የለውም። የእኔው ፊዚክስም እንደዚያው ነው። 36 ያመጣችበት ፊዚክስ ላይ ቬክተር ስትበታትን ስትቸገር አየሁ፣ እሱም የ9ኛ ክፍል ነው። 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ ሌሊቱን ስታነብ የከረመች ልጅ የጎደላት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ነበር። ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር እንደወረደላት ከድምፅዋ ገባኝ። «ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ሰነፍ አይደለችም። ያልተማረችው ምዕራፍ አለ። እሱ ደግሞ ስም አለው፣ ገጽ አለው፣ ተከፍቶ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ አባቷ ደወሉ። ገበሬ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ለማስተማር ስንት በግ እንደሸጡ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። «መምህር፣ ሰፈሩ ሁሉ ወደቀች ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ። መልሴን ለልጅቷ ከሰጠሁት የበለጠ ተጠንቅቄ ነው የሰጠሁት፣ ምክንያቱም የዓመቱ ውሳኔ ያለው እሳቸው እጅ ነው። እንደ ሌላው መንደር እዚያም ውጤት ሲጠበቅ የቆየ የጋብቻ ጥያቄ አለ። «አለፈች» ከተባለ ይራዘማል፣ «ወደቀች» ከተባለ ሽማግሌው ይመጣል።

«ጋሼ፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ ምን እንደሆነ ልንገርዎት» አልኳቸው። «በ2014 በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነበሩ፣ በ2015ም እንደዚያው። በ2016 5 ሆኑ። ዘንድሮ በ2017ቱ ፈተና 8 ደርሰዋል። ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ያላመጣውን ነው ልጅዎ ያላመጣችው። ያመጣችው 44 ከግማሽ በመቶ ነው። መንግሥት በሪሚዲያል ከሚቀበላቸው ውስጥ የተሻለች ናት።»

«ሪሚዲያል ምንድነው?» አሉኝ። አንድ ሴሚስተር የሚሆን ትምህርት ነው አልኳቸው፣ ወደ አራት ወር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትማራለች፣ ካለፈች አንደኛ ዓመት ትቀጥላለች። ካላለፈች ግን ትመለሳለች፣ የሚመለሱም አሉ። ይህንን አልደበቅኳቸውም። አራት ወር ብቻ እንዲታገሷት ለመንኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «አራት ወር ምን አላት» አሉ።

ልጅቷ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ጓደኞቿ «ሪሚዲያል ከመግባት ዓመት ተቀምጦ በግል ድጋሚ መፈተን ይሻላል» ብለዋታል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። 295 አምጥቶ የሚፈልገው ትምህርት ከፍ ያለ ነጥብ የሚጠይቅ ልጅ ቢሆን እኔም አስብበት ነበር። ለእሷ ግን ቁጥሩን አስቀመጥን።

በሪሚዲያል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል። አፕቲቲዩድ የለም። እሷ ጥሩ ካመጣችባቸው አንዱ አፕቲቲዩድ ስለሆነ ይህ ይጎዳታል። የአምስቱ አማካይ ብቻ ሲወሰድ ከ44.5 ወደ 43 ይወርዳል። በሌላ በኩል ውጤቱ ሁሉ ከአንድ ፈተና አይመጣም። ከመቶ 30ው ዩኒቨርሲቲው በሴሚስተሩ ውስጥ የሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ነው፣ 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 ነው። ክፍል የማትቀር፣ የቤት ሥራ የማትዘል ልጅ ከ30ው 22 ብታገኝ፣ ከ70ው የሚቀራት 28 ነው። 28 ከ70 ማለት 40 በመቶ ነው። አሁን ባላት እውቀት አማካይዋ 43 ነው።

ይህ ዋስትና አይሆንም። ሌላ ፈተና ነው፣ ጥያቄው ሌላ ነው፣ 22 ማግኘትም በራሱ ሥራ ይጠይቃል። ሆኖም ለእሷ ዓይነት ልጅ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ ይናገራል። እሷ የማትቀር ልጅ ናት። መንገዱ መቅረት የማያውቅን ልጅ ይክሳል። ቤት ተቀምጦ የሚያልፈው ዓመት ደግሞ ለእሷ ሙሉ የጥናት ዓመት አይሆንም። ውኃው አለ፣ እንጨቱ አለ፣ እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ሽማግሌውም አለ። «ቤት ሆኜ ባጠና» የሚለውን ሐሳብ እዚያ ቤት ውስጥ በቀን ስንት ሰዓት ታገኛለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ራሷ ቆጥራ መለሰችልኝ፣ ሁለት ሰዓትም አልሞላ።

ሪሚዲያል መረጠች። ድልድሉ እስኪወጣ ባሉት ሳምንታት ምን እንደምታጠና ተነጋገርን። የአፕቲቲዩድ መጽሐፏን ልትይዝ ነበር፣ ተይው አልኳት። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ከታናሽ ወንድሟ እንድትዋስ ነገርኳት። ባዮሎጂን ለጊዜው አትንኪው አልኳት። 58 ያመጣችበት ትምህርት ሲያነቡት ደስ ይላል፣ ሰውም ደስ ወዳለው ይሄዳል። እሷ ግን 5 ጥያቄ በቀላሉ የምትጨምረው ሒሳቡ ላይ ነው፣ የ«ሁ»ዎቹ ክምር ያለው እዚያ ነውና። በየሳምንቱ እሑድ አንድ ምዕራፍ ጨርሳ ጥቂት ጥያቄ ሦስቱን ምልክት አድርጋ እንድትልክልኝ ተስማማን። ኔትወርክ ማታ ላይ ስለሚሻል ብዙውን ጊዜ ከራት በኋላ ይደርሰኛል።

አሁን ግቢ ውስጥ ናት። የመጀመሪያው የሒሳብ ክዊዝ ተሰጥቷቸው ከ10 7 አምጥታለች። ስትነግረኝ ውጤቱን ብቻ አልጻፈችም። «5 እ፣ 2 ሁ ቀናኝ፣ 3 ግ አልቀናኝም» ብላ ነበር የጻፈችው። ሁለቱን «ሁ» ላኪልኝ አልኳት። አንደኛው የሎጋሪዝም ነበር። አሁን መደመሩን በትክክል ወደ ማባዛት ቀይራዋለች፣ የተወዛገበችው መጨረሻ ላይ ኔጌቲቩን መልስ ትጣለው ወይስ ትያዘው በሚለው ነው። የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም እንደሌለ ጻፍኩላትና መልሶቹን ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሳ እንድታያቸው ነገርኳት። ሦስቱን «ግ» ለእሑድ አስቀምጠናቸዋል።